የአያቶቼን ፎቶ ለማደስና ቀለም ለመስጠት

ያያያዝኩት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በ1962 ዓ.ም. ጅማ፣ አያቶቼ ቤት ደጃፍ ላይ የተነሳ ነው። ጭረቱን፣ የእርጥበት ነጠብጣቡንና የታጠፈበትን መስመር አጥፋ። ከዚያ ቀለም ስጠው።

ፊታቸውን ግን አደራ! የሴት አያቴ የግንባር ሽብሽብና የአንገት ንቅሳት፣ የወንድ አያቴ አነስ ያለ ግራ ዓይን እንዳለ ይቆይ። ቆዳቸውን አታለስልስ፣ አታቅላው። ፈገግም አታድርጋቸው፤ ያኔ ካሜራ ፊት ማን ይስቃል? ፎቶው የሴት አያቴ ጉንጭ ላይ ተልጧል፤ ዙሪያውን ብቻ ተከትለህ ሙላው። ተንቀሳቅሶ የደበዘዘው ሕፃን አባቴ ነው። እንደደበዘዘ ተወው፣ አዲስ ፊት አትፍጠርለት።

ነጠላዋ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነበር። የወንድ አያቴ ኮት ቡናማ። መሬቱ ቀይ አፈር፣ ከኋላ ያለው የቡና ተክል ደማቅ አረንጓዴ። ያልነገርኩህን ቀለም ፈዘዝ አድርገው። ጠርዙን አትቁረጥ።