ማልደን መጣን

የእሑድ ጠዋት መክፈቻ መዝሙር። ትዝታ ቅኝት (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ)፤ ዶ = ዲ፤ 6/8፤ በደቂቃ 56 ጭብጨባ።

አዝማች (2 ጊዜ)
ማልደን መጣን፣ ጌታ ሆይ፣ ማልደን መጣን
ዶ ሬ ሚ ሚ / ሶል ላ ሶል / ሚ ሶል ሚ ሬ
ምሕረትህ አዲስ ናት፣ ማልደን መጣን
ላ ላ ሶል ሶል ሚ ሶል / ሚ ሬ ሬ ዶ

1. ሌሊቱን ጠበቅኸን፣ እንቅልፍ ሳይወስድህ
ነጋልን በእጅህ፣ ቆምን በደጅህ

2. ደካማው በረታ፣ ያዘነው ተጽናና
ስምህን ስንጠራ ቀርበኸናልና

ለመሪውና ለተጫዋቾች፦ ዜማው ከዶ እስከ ላ ብቻ ነው፤ ወንዶች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ይዘምራሉ። ድምቀት ፍለጋ ወደ ኤፍ አታንሱት፤ ላ ከፍ ስለሚል ገና ያልሟሟቀ የጠዋት ድምፅ ይጨነቃል፣ ሕዝቡም ዝም ይላል። የመጀመሪያውን አዝማች መሪው ብቻውን ይዘምር፣ ሕዝቡ በሁለተኛው ይግባ። ስንኞቹ የአዝማቹን ዜማ ይከተላሉ፤ ትርፍ ቀለም ሲመጣ ያንኑ ኖታ ድገሙ እንጂ አዲስ አትጨምሩ። «ሬ» ላይ ጌጥ አይግባ፤ መሪው ድምፁን ካንቀጠቀጠ ሕዝቡ የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ከበሮው ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ መፍጠን ይወዳል፤ ያዙት። የመጨረሻው አዝማች ያለ መሣሪያ፣ በሕዝቡ ድምፅ ብቻ።