የጉብኝት ኮኤፊሸንት ምልክቱን ለምን ቀየረ?

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሐሙስ ከክፍል በኋላ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ተማሪው ስለከበብዎ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ጉዳዩ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። አንድ ቁጥር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እንደሚያስታውሱት ደጀን አካባቢ ከ186 ጤፍ አምራች ቤተሰቦች መረጃ ሰብስቤያለሁ። የልማት ሠራተኛ በክረምት ገበሬውን መጎብኘቱ ምርት ይጨምራል ወይ ነው ጥያቄዬ። ምርቱን በሄክታር በኩንታል ለክቻለሁ። መጀመሪያ ሪግሬሽኑ ውስጥ የጉብኝት ብዛትን ብቻ አስገባሁ። −0.45 ወጣ። እንግዲህ የልማት ሠራተኛው አንድ ጊዜ በመጣ ቁጥር ግማሽ ኩንታል ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። ባይመጣባቸው ይሻላል እንደ ማለት! ቀጥዬ የአፈሩን ሁኔታ ጨመርኩ። የመዘገብኩት ገበሬው ራሱ በሚጠራው ስም ነው፦ ጠፍ 1፣ ለም-ጠፍ 2፣ ለም 3። የጉብኝቱ ኮኤፊሸንት ወደ +0.31 ዞረ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳታውን ነው። 15 ቤተሰቦች የአፈሩን ጥያቄ አልመለሱም። ስለዚህ ሁለተኛው ሪግሬሽን የቆመው በ171 ቤተሰቦች ላይ ነው። ምናልባት የተቀየረው ናሙናው ይሆናል ብዬ ሁሉንም በነዚሁ 171 ላይ ደገምኩት።

```
reg yield visits if !missing(soil)
reg yield visits soil
reg soil visits
```

የመጀመሪያው −0.42 ሆነ። ናሙናው ትንሽ ነካካው እንጂ ምልክቱን የገለበጠው እሱ አይደለም።

አንድ የክፍሌ ልጅ «መልቲኮሊኒያሪቲ ነው፣ አንዱን አውጪው» አለኝ። አላሳመነኝም። በጉብኝትና በአፈር መካከል ያለው ኮሪሌሽን −0.48 ነው፤ VIF ደግሞ 1.30። ይሄ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይመስለኝም።

ከዚያ አንድ ተለዋዋጭ ሲተው የሌላው ኮኤፊሸንት በምን ያህል እንደሚዛባ የሚያሳየው፣ እርስዎ ሰሌዳ ላይ የጻፉልን ቀመር ትዝ አለኝ። የአፈር ኮኤፊሸንት 2.92 ነው። አፈርን በጉብኝት ላይ ሳስኬደው −0.25 ይሰጠኛል። እና፦

```
0.31 + 2.92 × (−0.25) = −0.42
```

ልክ ገጠመ! ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሂሳቡ ከገባኝ በኋላ መስክ ላይ ያየሁት ነገር ትርጉም ሰጠኝ። የልማት ሠራተኞቹ መሬቱ የደከመበትን ገበሬ ነው አዘውትረው የሚጎበኙት። ጠፍ መሬት ያላቸው በአማካይ 3.9 ጊዜ ሲጎበኙ፣ ለም መሬት ያላቸው 2.0 ጊዜ ብቻ ነው። ጠፍ መሬት ደግሞ ድሮውንም ምርቱ ዝቅተኛ ነው። አፈሩን ሳላስገባ የጠፍን ጥፋት በጉብኝቱ ላይ አላክኬ ኖሯል። ሦስቱን የአፈር ዓይነቶች ለየብቻ በግራፍ ሳወጣቸው፣ በየቡድኑ መስመሩ ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ ላይ ሲደባለቁ ግን ወደ ታች ይወርዳል። እስከዚህ ያሰብኩት ትክክል ነው?

አሁን እውነተኛው ጭንቀቴ። +0.31ን አምኜ «ጉብኝት ይጠቅማል» ብዬ ልጻፍ? ሁለት ነገር ይይዘኛል።

አንደኛ፣ የአፈሩን ጥያቄ የጠየቅኩት ጥር ላይ፣ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ነው። ምርቱ የከዳው ሰው «መሬቴ ጠፍ ነው» የሚል ከሆነስ? አንድ አዛውንት ገበሬ «ዘንድሮ ጠፍ ሆኗል» ብለውኛል። «ዘንድሮ» የምትለዋ ቃል ያኔ አልከነከነችኝም፤ አሁን ትከነክነኛለች። መልሱ ከምርቱ የመነጨ ከሆነ፣ አፈርን ማስገባቴ ምርትን በራሱ በምርት መቆጣጠር አይሆንም?

ሁለተኛ፣ የልማት ሠራተኞቹ ከሚያስተምሩት አንዱ ኮምፖስት ነው። ለዓመታት ሲጎበኝ የኖረ ገበሬ አፈሩ በዚያው የተሻሻለ ከሆነ፣ አፈሩን ስቆጣጠር የጉብኝቱን ጥቅም ከፊሉን እየቀነስኩ ነው። እኔ የጠየቅኩት የአንድ ክረምት ጉብኝት ብቻ ስለሆነ ይሄኛው ብዙም አያሰጋኝም። የመጀመሪያው ግን ያሰጋኛል።

ደግሞም የ0.31 ስታንዳርድ ኤረር 0.18 ነው። የ95 በመቶው ኢንተርቫል ከ−0.05 እስከ 0.67 ይሄዳል፤ ዜሮን ያካትታል ማለት ነው። ስለዚህ «ምልክቱ ተገለበጠ» ከምል «ኔጌቲቩ ጠፋ» ብል ይበልጥ ታማኝ እሆን ይሆን?

ሁለቱንም ሪግሬሽኖች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ላቀርብ አስቤያለሁ። መጀመሪያ ግን የእርስዎን ሐሳብ ልስማ። የመሬቱን ተዳፋትነት እኔው በዓይኔ አይቼ መዝግቤያለሁ፤ ከምርቱ በኋላ የሚቀየር ነገር አይደለም። በአፈሩ ምትክ እሱን ባስገባ ይሻል ይሆን?

ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ካሉ ሠንጠረዡንና ግራፉን አትሜ እመጣለሁ። ካልተመቸዎት ቀኑን ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ሰላማዊት
የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የማስተርስ 2ኛ ዓመት