ያልተከፈለ የመጨረሻ የዲዛይን ሥራ ክፍያን ስለመጠየቅ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለሆቴሉና ሬስቶራንቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር

ጉዳዩ፦ በክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 017/2018 የተጠየቀውን ብር 35,300 (ሠላሳ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ብር) እንዲከፍሉ ስለማሳሰብ

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው የሥራ ውል መሠረት የሆቴልዎን አርማ፣ የበር ታፔላ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የምግብና የመጠጥ ሜኑ እንዲሁም የአስተናጋጆችን ሽርጥ ዲዛይን በድምሩ በብር 96,000 ሠርቼ ላስረክብዎ፣ እርስዎም ክፍያውን በሦስት ዙር ሊፈጽሙልኝ ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ብር 38,400 ውሉ በተፈረመበት ዕለት፣ ሁለተኛውን ብር 28,800 ደግሞ አርማውን ባጸደቁ ማግስት ከፍለውኛል፤ ሁለቱም ክፍያዎች በሰዓታቸው የተፈጸሙ በመሆናቸው እስከዚያ ድረስ ባለው የሥራ ግንኙነታችን ምንም ቅሬታ የለኝም።

ሥራው በመጠናቀቅ ላይ ሳለ ሜኑው በሲዳምኛም እንዲዘጋጅ ጠየቁኝ። ይህ በውሉ ያልነበረ ተጨማሪ አራት ገጽ ስለነበር ዋጋውን ብር 6,500 ብዬ በቴሌግራም ጽፌልዎ፣ እርስዎም በዚያው ዕለት «ይሁን፣ ቀጥዪ» ሲሉ መልሰውልኛል። የሁሉም ሥራዎች የመጨረሻ ፋይል ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በፍላሽ ዲስክ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ በፊርማ አስረክቤያለሁ። በዕለቱም ሦስተኛውን ዙር ብር 28,800 እና የሲዳምኛውን ሜኑ ብር 6,500 አጠቃልሎ የያዘውን የክፍያ መጠየቂያ ሰጥቻለሁ። ውሉ የመጨረሻው ክፍያ ርክክቡ ከተፈጸመ በ15 ቀናት ውስጥ እንደሚከፈል ስለሚደነግግ የመክፈያው ጊዜ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አልፏል።

ኅዳር 12 ቀን በቴሌግራም፣ ኅዳር 24 ቀን ደግሞ ቢሮዎ በአካል ተገኝቼ ክፍያውን ጠይቄያለሁ። በሁለቱም ጊዜ «በዚህ ሳምንት» የሚል መልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ታኅሣሥ 6 ቀን ግን ሥራውን እንዳልወደዱት፣ የሜኑው ሰማያዊ ቀለም እኔ ካሳየሁዎት የተለየ ሆኖ እንደታተመ፣ ስለዚህም ቀሪውን ገንዘብ እንደማይከፍሉ በጽሑፍ አሳውቀውኛል። ይህን ምክንያት በዝርዝር መመለስ ተገቢ መስሎ ስለታየኝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ከርክክቡ አስቀድሞ የሜኑውን ናሙና በ300 ግራም አርት ፔፐር አሳትሜ፣ በእጅዎ ይዘው በቀንም በመብራትም ተመልክተው፣ ጀርባው ላይ «ጸድቋል» ብለው ፈርመዋል። ናሙናው ዛሬም በእጄ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሜኑውን ያሳተሙት እርስዎ በመረጡት ማተሚያ ቤት፣ ለዋጋው ሲባል ሽፋን በሌለው ስስ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚመጠው ሰማያዊው ደብዝዞና ጠቁሮ መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያስረከብኩት ፋይል ላይም ሜኑው በምን ዓይነት ወረቀት መታተም እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። ከታተሙት አንዱን ወስጄ ከናሙናው ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ፊደሉ፣ የዓሣው ሥዕልና የዋጋው ዓምድ አንድ ሆነው ሳለ የተለየው የወረቀቱ ጠባይ ብቻ መሆኑን ማንም ሰው ማየት ይችላል። የኅትመቱ ምርጫ የእርስዎ ነበር፤ እኔም የሕትመት ክትትል ክፍያ አልጠየቅሁም፣ አልተቀበልሁምም።

ሥራው አልተወደደም የሚለውን በተመለከተ ደግሞ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ሳልፍ ታፔላው በርዎ ላይ ተሰቅሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ አስተናጋጆችዎም አርማው የታተመበትን ሽርጥ ለብሰው ሲያስተናግዱ ተመልክቻለሁ። ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ዕለት ድረስም ሁኔታው አልተለወጠም። ያልተወደደ ሥራ ይመለሳል ወይም እንዲስተካከል ይጠየቃል እንጂ በር ላይ ተሰቅሎ ለሁለት ወር ደንበኛ አይጠራበትም። በውላችን አንቀጽ 4 የተፈቀዱልዎትን ሦስት ዙር ማስተካከያዎች በሙሉ ተጠቅመዋል፤ ከሦስተኛው በኋላም የታፔላው ፊደል «ትንሽ ከፍ ይበል» ሲሉኝ ያለክፍያ ከፍ አድርጌዋለሁ። የእህትዎ ልጅ ተመሳሳይ ሥራ በሦስት ሺህ ብር ሊሠራ እንደሚችል የጻፉልኝም ቢሆን ውል ከመፈረሙ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ስለነበር አሁን የምመልሰው የለኝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚደነግገው በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ይህ ደብዳቤም በዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 እና 1773 መሠረት ግዴታዎን እንዲፈጽሙ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ መሆኑን እንዲገነዘቡልኝ እጠይቃለሁ። በመሆኑም ብር 35,300ውን እስከ ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በክፍያ መጠየቂያው ላይ በተመለከተው የባንክ ሒሳቤ ገቢ እንዲያደርጉ አሳስባለሁ። በሕግ የሚቀነስ ቅድመ ግብር ካለ ቀንሰው ደረሰኙን ቢሰጡኝ ተቃውሞ የለኝም፤ የንግድ ፈቃዴና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬም ቀድሞ ተሰጥቶዎታል።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ እኩሌታውን ብር 17,650 እስከተጠቀሰው ቀን፣ ቀሪውን ብር 17,650 ደግሞ እስከ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመክፈል በጽሑፍ ካረጋገጡልኝ እቀበላለሁ። ሜኑውን በተገቢው ወረቀት እንደገና ለማሳተም ቢወስኑም ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄጄ የመጀመሪያውን ቅጂ ያለክፍያ አይቼ ለማጽደቅ ፈቃደኛ ነኝ፤ ይህ ግን ለክፍያው ቅድመ ሁኔታ አይሆንም።

በተሰጠው ቀን ክፍያው ካልተፈጸመ ወይም የጽሑፍ ማረጋገጫው ካልደረሰኝ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ የማቀርብ መሆኔን፣ ከዋናው ገንዘብ በተጨማሪም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1803 መሠረት ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እንዲሁም ወጪና ኪሣራ እንዲከፈለኝ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ። በውላችን አንቀጽ 7 የአርማውና የዲዛይኖቹ የመጠቀም መብት ወደ እርስዎ የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያው ሲፈጸም ስለሆነ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለኝ መብትም እንደተጠበቀ ነው። በግሌ ታፔላው ከዚያ በር ላይ ሲወርድ ማየት አልፈልግም፤ ሁለት ወር ተኩል የደከምኩበት ሥራ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጡኝ ማንኛውም መልስ በጽሑፍ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሄለን ታደሰ
ግራፊክ ዲዛይነር

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የርክክብ ሰነድ፣ የክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 017/2018፣ የተፈረመበት የሜኑ ናሙና ፎቶ ኮፒ፣ የቴሌግራም መልእክቶች ኅትመትና ኅዳር 13 ቀን የተነሣ የታፔላው ፎቶግራፍ፤ በድምሩ 14 ገጽ።