የንጉሡ ግብዣና የእኛ ይሉኝታ

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ እንሂድ ብላችሁ የነበራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚሁ አራት ኪሎ መቅረታችንን ወድጄዋለሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጫና የሚያገኛችሁ ሐይቅ ዳር ሳይሆን ከዚህ ግቢ በር እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ ነውና።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ክፈቱ።

ስለ እኩዮች ግፊት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚነገረን ስለ ክፉ ጓደኛ ነው። ቤት ውስጥ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ተብሎ ሲጀመር ቀሪውን እናንተው ትጨርሱታላችሁ። ተረቱ እውነት አለው፤ ችግሩ የሚጎትተን ሰው አህያ መስሎ አለመምጣቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወደን፣ የሚያስቀን፣ የታክሲ ሲጎድለን የሚሞላልን ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጡ «ዛሬ ሁሉም በእኔ ነው» ይላል። የማኪያቶውን ሂሳብ ይከፍላል፤ ከዚያ ወደ ውርርድ ቤቱ ጎራ ትላላችሁ፤ የመጀመሪያዋን ትኬትም እርሱ ይቆርጥላችኋል። ማንም አላስገደዳችሁም። ነገር ግን የሰው ገንዘብ ተበልቶ እንዴት እምቢ ይባላል? ይሉኝታ ይይዛል። ፈተና ላይ መልስ የምትጠየቀዋም እህታችን የምትሰማው ዛቻ አይደለም፤ «ጓደኛዬ ከሆንሽማ» የሚል ቃል ነው።

የባቢሎን ንጉሥም የጀመረው በግብዣ ነው። የእቶኑ እሳት ያለው ምዕራፍ 3 ላይ ነው፤ ምዕራፍ 1 ላይ ያለው ማዕድ ነው። ናቡከደነፆር ከአገራቸው የተማረኩትን ወጣቶች ከራሱ መብልና ከሚጠጣው ጠጅ ድርሻ አዘዘላቸው። ለምርኮኛ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? ሊያስፈራ ከሚመጣ ንጉሥ ይልቅ ሊያጎርስ የሚመጣ ንጉሥ ለእምቢታ ያስቸግራል።

ዳንኤል የተቀበለውንም ልብ በሉ። ብልጣሶር ብለው ጠሩት፤ ዝም አለ። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር ሦስት ዓመት ተመደበለት፤ ተማረ፤ ጎበዝም ሆነ። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ታላላቆቻችሁ አንዳንድ ጊዜ የእምነታችሁን ልክ በፀጉራችሁና በጫማችሁ እንለካለን። ዳንኤል ግን ሁሉንም አልገፋም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመ። ቁጥር 8 እንዳይረክስ «በልቡ አሰበ» ይላል። መጀመሪያ በልቡ ቆረጠ፤ ልመናው ከዚያ በኋላ መጣ። ውሳኔውን ትኬቱ እጁ ከገባ በኋላ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል።

እምቢ ያለበት መንገድም ደስ ይለኛል። አልተሳደበም፤ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። ሰውየው ለራሱ አንገት ሲፈራ ፍርሃቱን አልናቀበትም፤ ወደ ተሾመባቸው ጠባቂ ሄዶ «10 ቀን ሞክረን፤ አትክልትና ውኃ ይበቃናል» አለው። «ሞክረን» ያለው አራት ስለ ነበሩ ነው፤ ሐናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ አብረውት አሉ። ስለዚህ እናንተም ለጓደኛችሁ መንገድ ተዉለት። «ውርርድ ቤት አልገባም፤ ኳሱን ግን አብሬህ አያለሁ» ማለት ይበቃል። በር ላይ ቆሞ መስበክ አያስፈልግም፤ ደግሞም አይሰማችሁም።

ይህ የልጅነት ችግር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ 1ኛ ነገሥት 12ን ቤት ገብታችሁ አንብቡ። ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አብረውት ያደጉትን ሰማ፤ በአንድ ንግግር አሥሩን ነገድ አጣ። ሲነግሥ ዕድሜው 41 ነበር! ያኔም ቢሆን ማነስ የማይፈልገው በእነዚያው አብሮ አደጎቹ ፊት ነው።

ዳንኤል ያልፈራው ለምንድን ነው? የማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ኢሳይያስ 43፥1 ላይ እግዚአብሔር ለሕዝቡ «በስምህ ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ይላል። ቃሉን የሚላቸው ጎበዝ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ገና ምንም ሳያደርጉ ነው። በክርስቶስ ልጅ የተባለ ሰው ልጅነቱን ሊያረጋግጥለት የጓደኞቹ ሳቅ አያስፈልገውም። ሲስቁበት አያመውም አላልኩም፤ ያመዋል። ብቻ የሚያመው ነገር ማንነቱን አይወስንም።

አሁን አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ በተቻለ መጠን የማታውቁት ሰው ይኑርበት። ከቁጥር 8 እስከ 16 አንብቡና በሁለት ጥያቄዎች ተወያዩ፦ በዚህ ሳምንት የትኛው ግብዣ ይጠብቃችኋል? ከመሄዳችሁ በፊት በልባችሁ ምን ትቆርጣላችሁ? የሰማችሁትን ከቡድናችሁ አታውጡ። ሻይ ሲደርስ እንጠራችኋለን።