የተዋሃደ የችግሮች ዝርዝር፦ ከሦስት ሐኪሞች ማስታወሻ

ታካሚ፦ ሴት፣ 64 ዓመት፣ ነዋሪነት አዲስ አበባ፣ ካርድ ቁጥር 20417
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ያዘጋጀው፦ የተመላላሽ ክፍል ጠቅላላ ሐኪም
ለ፦ ጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ለውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ለአጥንት ሐኪም

ሦስታችሁ የጻፋችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ታካሚዋን ከልጃቸው ጋር አስጠርቼ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኳቸው። ካርዶቹ ያልነገሩኝን ብዙውን የነገረኝ ፌስታሉ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራው ይህ ዝርዝር ነው። የድሮዎቹ ካርድ ውስጥ ይቆያሉ፣ ግን ከእነሱ አይገለበጥ።

አሁን ያሉ ችግሮች

1. ስኳር፣ ዓይነት 2፣ ኢንሱሊን ላይ ያሉ። የጤና ጣቢያው ካርድ «ዓይነት 1» ይላል፣ የውስጥ ደዌው «ዓይነት 2»። ትክክሉ ሁለተኛው ነው። በሽታው የታወቀው በ51 ዓመታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በኪኒን ብቻ ቆይተዋል። ኢንሱሊን የተጨመረው በ2016 ነው። ኢንሱሊን መውጋት ብቻውን ዓይነት 1 አያደርግም።

የኢንሱሊኑ ሰዓትም አደናግሮኝ ነበር። አንደኛው ካርድ «20 ዩኒት ማታ 3 ሰዓት» ይላል። ሌላኛው «20 ዩኒት 9 ሰዓት» ይላል፣ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ሳይጠቅስ። በችኮላ ያነበበ ሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሌላ መርፌ ያለ ሊመስለው ይችላል። መርፌው አንድ ነው፦ ኤንፒኤች 20 ዩኒት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት።

የሦስት ወር ስኳራቸው 8.9 በመቶ ነው። ደም ማነስ ስላለባቸው (ቁጥር 5) ይህን ቁጥር ብቻውን አትመኑት። የጾም ስኳራቸው 168 እና 181 ስለነበር ግን ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ሜትፎርሚን በቀን ሁለቴ 1 ግራም ይወስዱ ነበር። በኩላሊታቸው ምክንያት በቀን ሁለቴ ወደ 500 ሚ.ግ. ዝቅ አድርጌዋለሁ።

2. ሌሊት ስኳር መውረድ። ይህ በማንኛችሁም ዝርዝር ውስጥ በዚህ ስም የለም። ጤና ጣቢያው «ጭንቀት፣ የሌሊት ላብ» ብሎ መዝግቦታል። ሌሎቹ ጭራሽ አልጻፉትም። ልጃቸው አንድ ሌሊት እናቱ ሲንቀጠቀጡ ቤት ባለው መሣሪያ ለክቶ 58 አግኝቷል። ሻይ በስኳር ሲሰጣቸው ተሻላቸው። እንግዲህ ጭንቀት አይደለም።

ምክንያቱ ከፌስታሉ ወጣ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ግሊቤንክላሚድን በሰኔ 2017 አቁሟል። ጤና ጣቢያው ግን ከድሮው ዝርዝር እያየ በየወሩ ይሰጣል። «ይቺንማ ሁሌም ይሰጡኛል፣ ዶክተር፤ ተው ያለኝ የለም» አሉኝ፣ ግማሹ የተበላውን ፓኬት እያሳዩ። ኩላሊት ሲደክም ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ኢንሱሊን ሲጨመርበት ደግሞ ስኳርን ሌሊት ያወርዳል። ግሊቤንክላሚድ ቆሟል። እባካችሁ ማንም እንዳይሰጥ። የኢንሱሊኑን መጠን ለጊዜው አልነካሁትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጾም ልኬታቸውን አይተን እንወስናለን።

3. የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ ደረጃ 3ለ። ሦስቱ ካርዶች በጣም የተጋጩት እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው «ኩላሊት ደህና»፣ የአጥንት ሐኪሙ «ደረጃ 4»፣ የውስጥ ደዌው «ክሪያቲኒን ከፍ ያለ» ይላሉ። ሦስቱም ከእውነተኛ ልኬት የመጡ ናቸው፣ የተለኩበት ጊዜ ይለያያል እንጂ።

«ደህና» የተባለው የ2014 ውጤት ነው፣ 0.9። «ደረጃ 4» የተባለው ሚያዝያ 2017 ላይ የወጣው 2.3 ነው። ያን ሰሞን ለአምስት ቀን ተቅማጥና ትውከት ነበራቸው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ዲክሎፌናክ ይውጡ ነበር። በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ጉዳት ጊዜ የተለካ ቁጥር ለደረጃ አይሆንም። በሰኔ 2017 1.4 ሆነ። በዚህ ሳምንትም 1.4 ነው። በአራት ወር ልዩነት ሁለት ተመሳሳይ ውጤት ስላለን በእሱ እንሄዳለን፦ የማጣሪያ አቅማቸው 42 ገደማ ነው። ሽንት ላይ ፕሮቲን 2+ አለ።

4. ደም ግፊት፣ ገና ያልተስተካከለ። ጤና ጣቢያው «ተስተካክሏል» ያለው በአንድ ቀን ልኬት ነው። እዚህ በሁለት ቀጠሮ 158/94 እና 152/90 አግኝተናል። አምሎዲፒን 10 ሚ.ግ. እና ሎሳርታን 50 ሚ.ግ. ይወስዳሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን ይታያል። ደህና ከሆነ ሎሳርታን ይጨመራል።

5. ደም ማነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ። ሄሞግሎቢን 10.8። የአጥንት ሐኪሙ «የአይረን እጥረት» ብሏል፣ የውስጥ ደዌው «ከኩላሊት የመጣ»። ሁለቱም ግምት ነው፣ አንዱንም የሚያረጋግጥ ምርመራ አልተሠራም። ስለዚህ አንዱን መርጬ አልጻፍኩም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 10.8 ከሚመስለው በላይ ዝቅተኛ ነው። ማህፀናቸው ወጥቷል፣ ስለዚህ በወር አበባ የሚፈስ ደም የለም። ዲክሎፌናክ ግን ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ጥቁር ሰገራ አላየሁም ብለዋል። ፌሪቲንና በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም ምርመራ ታዟል።

6. የቀኝ ጉልበት ብግነት። ጤና ጣቢያው «ግራ» ብሏል። ራጁ ላይ ያለው ምልክት ቀኝ ነው፣ ታካሚዋም ቀኙን ነው የሚያሳዩት። ለአጥንት ሐኪሙ፦ ዲክሎፌናክ አቁሜአለሁ። በቁጥር 3 እና 5 ምክንያት ዳግመኛ አይታዘዝ፣ ለሦስት ቀንም ቢሆን። ፓራሲታሞልና የጭን ጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ጀምረዋል።

ያለፉ ወይም የተሰረዙ

አስም፣ ተሰርዟል። ኢናላፕሪል በኅዳር 2017 ተጀመረ። በታኅሣሥ ደረቅ ሳል መጣ። በጥር «አስም» ተብሎ ሳልቡታሞል ተሰጣቸው፣ ግን ምንም አልረዳቸውም። በሰኔ ኢናላፕሪል በሎሳርታን ተተካ፣ በሐምሌ መጨረሻ ሳሉ ጠፋ። ደረታቸው ላይ ሲር የሚል ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ «አስም» የሚለው ቃል በመስከረም ካርድ ላይ እንደገና ተገልብጧል። ወደፊት የልብ መድኃኒት ሲያስፈልጋቸው ይህ ቃል በከንቱ ሊያስከለክላቸው ይችላል።

ኢናላፕሪል፦ ሳል ያመጣባቸዋል። አለርጂ አይደለም፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት አልነበረም። ሌላ የታወቀ የመድኃኒት አለርጂ የላቸውም።

ሳንባ ነቀርሳ፣ የዳነ። አንዱ ካርድ ያለ ቀን «ቲቢ» ብቻ ይላል። በ1994 የስምንት ወሩን ሕክምና ጨርሰዋል። ባለፈው ዓመት በሳሉ ጊዜ የተሠራው የአክታ ጂን ኤክስፐርት ነፃ ነው። ራጁ ላይ የሚታየው ጠባሳ የድሮው ነው።

ማህፀን የማውጣት ቀዶ ጥገና፣ አንድ ጊዜ፣ በ2010። ካርዶቹን ደምሮ ያነበበ ሰው ሁለት ቀዶ ጥገና ይቆጥራል፦ አንዱ «2010»፣ ሌላው «2018»። ሁለተኛው የፈረንጅ ዓመት ነው። «አንዴ ነው የተቀደድኩት፣ ስንት ማህፀን አለኝና!» ብለው ሳቁብኝ።

ገና ያልተዘጋ

የዓይን ምርመራ። ጤና ጣቢያው «ዓይን ደህና» ይላል፣ ግን የታየው የማንበብ አቅማቸው እንጂ ሬቲናቸው አይደለም። ቀጠሮ ተይዟል፣ ኅዳር 3።

አሁን በፌስታላቸው የቀሩት አምስት ናቸው፦ ኤንፒኤች፣ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን፣ ሎሳርታን፣ ፓራሲታሞል። ግሊቤንክላሚድ፣ ዲክሎፌናክ፣ ኢናላፕሪልና ሳልቡታሞል ከእንግዲህ ከእኛ ፋርማሲ አይሰጧቸውም። የዚህ ዝርዝር አንድ ቅጂ ከልጃቸው ጋር አለ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያሳያል።