የደንበኞች አስተያየት ራስ-ሰር ማጣሪያ ደንብ

ይህ ደንብ ደንበኞች ስለምንሸጣቸው የቤት ዕቃዎችና ስለ ማድረሻ አገልግሎታችን የሚጽፏቸውን አስተያየቶች የሚያጣራው ፕሮግራም የሚመራበት ነው። ፕሮግራሙ አስተያየትን ማሳለፍ፣ መደበቅ ወይም ለሰው መምራት እንጂ ማጥፋት አይችልም፤ የሚያጠፋው አስተያየቱን አንብቦ ምክንያቱን በመዝገብ ያሰፈረ ሠራተኛ ብቻ ነው።

አንድ አስተያየት እንደ ስፓም የሚደበቀው ያው ጽሑፍ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ሲለጠፍ፣ እንደ `t.me/` ወይም `bit.ly/` ያለ ሊንክ ሲይዝ፣ ወይም ፈጣን ትርፍና ሽልማት ቃል ሲገባ ሲሆን፣ ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ በአንድነት መገኘት አለባቸው። የአካውንት አዲስነት ምልክት ሆኖ አይቆጠርም፤ ዕቃው የጠፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ አካውንት የሚከፍተው ለዚያው አቤቱታ ነውና።

ቃላት ከመመሳከራቸው በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ፊደል ይወሰዳሉ፤ ይህም የሚደረገው በቅጂው ላይ ስለሆነ ደንበኛው የጻፈው አይነካም። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። አንድ ቃል ብቻውንም አያስፈርድም፦ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሊንኩን ይጫኑ» የሚለው ስፓም ሲሆን፣ «ሽልማት አለው ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፣ እስካሁን አልደረሰኝም» የሚለው ግን መልስ የሚገባው ቅሬታ ነው።

«አልደረሰኝም»፣ «ተሰብሮ መጣ»፣ «ገንዘቤን መልሱልኝ» እና መሰል አነጋገሮች የተገኙበት አስተያየት፣ የስፓም ምልክት ቢኖርበትም እንኳ፣ ሳይደበቅ ለሰው ይመራል፤ ተረኛው ሠራተኛም በ4 የሥራ ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጥበታል። «ሌቦች ናችሁ፤ ከከፈልኩ 12 ቀን ሆነኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ቢሳደብም የሚያሳስበን 12ቱ ቀን ነው፤ በቁጣ የተጻፈ ቅሬታን መደበቅ ደንበኛውን ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው። ዕቃው እሳት አስነሳ ወይም ሰው ጎዳ የሚል አስተያየት ተራ ሳይጠብቅ ለተረኛው ኃላፊ በስልክ ይነገራል።

በሰው ላይ የተሰነዘረ ዛቻ ወዲያው ይደበቃል፤ ውሳኔውንም ሠራተኛ ይሰጣል። ደንበኛው የራሱን ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም አድራሻ ከጻፈ አስተያየቱ ለጊዜው ይደበቅና ሠራተኛው በ1 ሰዓት ውስጥ ያንን መረጃ ብቻ ሸፍኖ ይመልሰዋል።

የተደበቁት ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በሰው ይታያሉ። ያለአግባብ የተደበቀ አስተያየት መጀመሪያ የተለጠፈበትን ቀን እንደያዘ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለጸሐፊውም ይቅርታ ይጠየቃል። አንድ የማጣሪያ መስፈርት በሳምንት ውስጥ ከ2 በላይ እውነተኛ አስተያየቶችን ከደበቀ፣ እስኪታረም ድረስ የመደበቅ ሥልጣኑ ተነስቶ ለሰው መምራት ብቻ ይፈቀድለታል። አዲስ መስፈርትም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለ7 ቀን ምንም ሳይደብቅ፣ ሊደብቅ የነበረውን እየመዘገበ ብቻ ይሞከራል።