«ተወደደ» ለሚል ደንበኛ የሚነገር፦ የስልክና የማሳያ ክፍል ስክሪፕት (ወጥ ቤት ካቢኔት)

ይህ ለገርጂው ማሳያ ክፍል የሽያጭ ሠራተኞች ነው። ምሳሌው የወይዘሮ ሂሩት ፋይል ነው፦ የካ አባዶ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ልኬት ተወስዷል፣ ፕሮፎርማ ሰኞ ተልኳል።

ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት ፕሮፎርማው ፊትሽ ይሁን። የታች ካቢኔት 3.6 ሜትር በ32,000 ሲባዛ 115,200። የላይ 3 ሜትር በ22,000፣ 66,000። ግራናይት 3.6 ሜትር በ9,500፣ 34,200። ድምር 215,400፤ ቫት 15 በመቶ 32,310፤ ጠቅላላ 247,710 ብር። «ቆይ ልይልዎት» እያሉ ወረቀት ማገላበጥ ዋጋውን እዚያው የፈጠርሽው ያስመስለዋል። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ደውዪ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጣው መልስ «በኋላ» ብቻ ነው።

በስልክ

ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ሂሩት፣ ሰላም እባላለሁ፣ ከገርጂው ካቢኔት ቤት። ሰኞ የላክንልዎትን ፕሮፎርማ አዩት ይሆን ብዬ ነው። ሁለት ደቂቃ ይኖርዎታል?

ሂሩት፦ አይቼዋለሁ እህቴ። ኧረ በጣም ተወደደ!

ሰላም፦ ልክ ነዎት፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሌላ ቦታ ጠይቀው አነሰልዎት ነው ወይስ ካሰቡት በላይ ሆነብዎት?

እዚህ ጋ ዝም በይ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ዝምታው ይከብደንና «እኛ ግን ጥራት ነው የምንሠራው» እንላለን። ጥራት የማይል ካቢኔት ቤት ስለሌለ ቃሉ ምንም አይነግራትም። «ውድ አይደለም» ብሎ መከራከርማ ጭራሽ አይሞከርም። «ተወደደ» ማለት ሌላ ቦታ ረክሷል፣ ገንዘቡ አልደረሰም ወይም በባህላችን መከራከር ግድ ነው ከሚሉት አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ የምትሰጪው መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ሂሩት፦ ሌላ ቦታ 160 ሺህ አሉኝ።

ሰላም፦ ጥሩ አደረጉ መጠየቅዎ። የእነሱን ወረቀት ይዘውታል? ሦስት ነገር ብቻ እንይ፦ ቫት ገብቷል? ግራናይቱ አለበት? የታችኛው ሳጥን በምንድን ነው የሚሠራው?

ሂሩት፦ ቫት የለውም። ግራናይቱን ራስሽ ግዢ ነው ያሉኝ። እንጨቱን አልነገሩኝም።

ሰላም፦ እንግዲህ አብረን እናስላው። ልዩነቱ 87,710 ብር ነው። ከዚህ ላይ 32,310 ቫት፣ 34,200 ግራናይት ነው። ሁለቱን ሲቀንሱ የሚቀረው 21,200 ብር ነው። ለዚያ ምን እንደሚያገኙ በስልክ ከማወራልዎት መጥተው በእጅዎ ቢነኩት ይሻላል። ሐሙስ 10 ሰዓት ወይስ ቅዳሜ ጠዋት?

የሌላውን ቤት ስም አታንሺ፣ አታጥላዪም። ያ ቤት ለቫት አልተመዘገበም ይሆናል፤ ያ ጥፋት አይደለም። ሥራሽ ሁለቱን ዋጋዎች በአንድ ልክ ማስቀመጥ ነው። ስታስዪ ደግሞ ቀስ በይ፤ ቁጥሩን እሷም እየጻፈች ነው።

በማሳያ ክፍል

በዋዜማው ማታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘጋጅ። በአንዱ ተራ ባለ 16 ሚሊ ቺፕውድ፣ በሌላው የእኛ እርጥበት የሚቋቋም ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ሁለቱም ብርጭቆው ውስጥ በሚገባ እኩል መጠን ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው ሳይሸፈን። አጠገባቸው ያልረጠቡት ጥንዶቻቸውና ካሊፐር ይቀመጡ። ጠዋት የሚነከር ናሙና እስከ 10 ሰዓት በቂ ልዩነት ላያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሳያው ይገለበጥብሻል።

ሰላም፦ ወይዘሮ ሂሩት፣ ይኼን ይያዙልኝ። ጠርዙን በጣትዎ ይዳብሱት፣ ከዚያ ይለኩት። ከሲንኩ ሥር ሲፎኑ ሲያንጠባጥብ ውሃው የሚገባው በፊቱ በኩል አይደለም፤ ለቧንቧ በተበሳው ቀዳዳና በጠርዙ ነው። አብጦ አንዴ ከፈነዳ ቢደርቅም አይመለስም፣ በሩም አይገጥምም።

ሂሩት፦ የእናንተ አያብጥም ማለት ነው?

ሰላም፦ ውሃ ውስጥ ቢያድር ትንሽ ያብጣል፤ ይኸው ይለኩት። ለዚህ ነው የቧንቧ ቀዳዳውን በሲሊኮን የምንዘጋው፣ ጠርዙንም በ1 ሚሊ ፒቪሲ የምንሸፍነው። እግሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ወለል ሲታጠብ ሳጥኑ ውሃ አይነካውም።

«በፍጹም አያብጥም» ያለ ሻጭ በዚያው ብርጭቆ ይጋለጣል። ማጠፊያውን (ሶፍት ክሎዝ) የመጨረሻ አሳዪ፤ በሩን ራሷ ገፋ ታድርገው። ማጠፊያ ሁሉም ቤት ስላለው በእሱ ብቻ ለመርታት አትሞክሪ።

ገንዘቡ ካልደረሰ

ሂሩት፦ ገብቶኛል፣ ግን እኔ ያለኝ 225 ሺህ ነው።

ሰላም፦ እሱን መንገርዎ ጥሩ ነው። ሥራውን ሳናበላሽ በ225 ውስጥ እናስገባዋለን። ከላይኛው ካቢኔት 1 ሜትሩን ለኋላ ብናቆየው ከነቫቱ 25,300 ይቀንሳል፤ 222,410 ይሆናል። ወይም ግራናይቱን ራስዎ ቢያመጡ 39,330 ቀንሶ 208,380። የትኛው ይሻልዎታል?

ግራናይቱን ራሷ ካለች ይህን ጨምሪ፦ «ቆራጩ የሚለካው የታችኛው ካቢኔት ከተገጠመ በኋላ ይሁን፤ ከፕሮፎርማው ስዕል ከቆረጠ የሲንኩ ቀዳዳ ይስታል።» ከሲንክ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ቺፕውድ ቀይሮ ዋጋ ማውረድ ክልክል ነው። ከዓመት በኋላ ስልክ የሚደውልልን ያ ካቢኔት ነው።

አከፋፈል ላይም መሄድ ይቻላል። የተለመደው 60፣ 30፣ 10 ነው። ከከበዳት 50፣ 30፣ 20 ፍቀጂ፦ 123,855 ቅድሚያ፣ 74,313 ዕቃው ሲደርስ፣ 49,542 ተገጥሞ ሲያልቅ። ከዚህ በታች ቅድሚያ አንወርድም፤ እንጨቱ የሚገዛው በዚያ ነው።

«አስተያየት አድርጉልኝ»

ሂሩት፦ በይ መጨረሻው ስንት ነው? አስተያየት አድርጊልኝ እንጂ!

ሰላም፦ ዋጋው የተሠራው በሜትር ስለሆነ ዝም ብዬ ብቀንስ ከሆነ ቦታ መጉደሉ አይቀርም። ግን እስከ ቅዳሜ 70 በመቶ ቅድሚያ ከከፈሉ ከ215,400 ላይ 2 በመቶ፣ 4,308 ብር አነሳልዎታለሁ። ከነቫቱ 242,755.80 ይመጣል።

ቅናሹ ከቫት በፊት ይቀነስ፤ ካልሆነ ደረሰኙ ከፕሮፎርማው ጋር አይገጥምም። በምላሹ ምንም ሳትቀበዪ ከቀነስሽ ደግሞ የመጀመሪያው ዋጋ የተጋነነ ነበር ማለትሽ ነው፤ ደንበኛዋም ሌላ 10 ሺህ ትጠይቃለች፣ እውነቷን ነው። ከ2 በመቶ በላይ የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ግን ደንበኛ ፊት ደውለሽ አትጠይቂ።

ሂሩት፦ ያለ ደረሰኝ ብታደርጉልኝስ?

ሰላም፦ እሱን አንችልም፤ ለቫት የተመዘገብን ነን፣ የሸጥነው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ለእርስዎም ዋስትናው የሚያዘው በደረሰኙ ቁጥር ነው።

አጭር መልስ ይበቃል፣ ስብከት አይጨመርበት።

«ከባለቤቴ ጋር ልማከር»

ሰላም፦ ተገቢ ነው። ጋሼ ምን ሊጠይቁ ይችላሉ ብለው ያስባሉ? ዋጋውን ነው ወይስ ዕቃውን?

መልሷን ጻፊ፤ ቤት ሄዳ የምታስረዳው እሷ ስለሆነች ማስረጃውን አስይዣት። የደረቀውንና የረጠበውን ናሙና በፌስታል አድርገሽ ስጪያት፣ ንጽጽሩንም በአንድ ገጽ። ወጣት ደንበኛ «አንቱ አትበይኝ» ካለችሽ ወዲያው ወደ አንቺ ተመለሺ፤ «እርስዎ» እያሉ መድረቅ ራሱ ያርቃል።

በዚያው ዕለት የሚላክ መልእክት፦

«ወይዘሮ ሂሩት፣ ስለመጡ እናመሰግናለን። ያየነው፦ ሙሉው 247,710፤ የላይ 1 ሜትር ሲቆይ 222,410፤ ግራናይት በእርስዎ ሲሆን 208,380። ሁሉም ከነቫቱ፣ ትራንስፖርትና መግጠም ገብቶበት። ዋጋው ከፕሮፎርማው ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን የጸና ነው። ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ሰላም።»

ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ደውዪ። «ሌላ ቦታ አዝዣለሁ» ካለች እንኳን ደስ አለዎት ብለሽ ምን እንዳስመረጣት ጠይቂና ፋይሉ ላይ ጻፊ፤ ዋጋ አታውርጂ።